በራሱ ዓይን ጀግና የሆነ ገራፊ፦ ከከፍተኛ 15 እስከ አውሮራ

ዴንቨርና አውሮራ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. በአውሮራ አካባቢ ሐበሾች ቡና በሚጠጡበት አንድ ካፌ ውስጥ፣ በቀይ ሽብር ዘመን ታስሮ የነበረ ክፍሉ ከተማ የተባለ ኢትዮጵያዊ አንድ ሰው ያያል። ፊቱን ያውቀዋል። ሰውየው በአካባቢው የሚጠራው በሌላ ስም ነበር። እስረኛው ግን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ ከነበረው ከከፈለኝ ዓለሙ ጋር አንድ መሆኑን አልተጠራጠረም። ጉዳዩ ለአሜሪካ መንግሥት ደረሰ፤ ሰውየው በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. ተያዘ፤ በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. በዴንቨር ፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ፤ በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳኛ ጆን ኬን 22 ዓመት እስራት ፈረዱበት። ሦስቱ ክሶች የሚፈቅዱት የመጨረሻው ጣሪያ ነበር።

ልብ በሉ፤ የተከሰሰው በግርፋት ወይም በግድያ አይደለም። በሐሰት ማንነት ዜግነት በማግኘት፣ የሌላ ሰው ማንነት በመውሰድና በስደት ወረቀት ላይ በመዋሸት ነው። በከፍተኛ 15 የተገረፉት ምስክሮች ከያሉበት መጥተው በጓዳ የተፈጸመውን ሲናገሩ፣ ምስክርነታቸው በሕግ በኩል የሚያስረዳው ሰውየው በማመልከቻው ላይ «ማንንም አላሳደድኩም» ብሎ መዋሸቱን ነበር። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ያንን ነውና ያንን አገኘ። ሰውየው ያን ጊዜ፣ አለንጋውን ሲያነሳ፣ ራሱን ማን ነኝ ይል እንደነበር ግን የጠየቀው የለም። ይህ የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም፤ የልብ ወለድ ደራሲ ሥራ ነው።

ዛሬ ልንጽፍ የተነሣነው ስለዚህ ሥራ ነው። አውሮራ የሚኖር፣ ቀን ታክሲ እየነዳ ሌሊት የሚጽፍ አንድ ወዳጃችን የቀይ ሽብር ልብ ወለድ ረቂቁን እንድናነብለት ሰጥቶን ነበር። (ስሙን አንጠቅስም፤ መጽሐፉ ሲወጣ ራሱ ይናገራል።) በመጀመሪያው ረቂቅ የነበረው ገራፊ ዓይኑ የደም ጎርፍ የመሰለ፣ በግርፋት መሐል የሚስቅ፣ አውሬ ነው። ወዳጃችን ያንን የጻፈው በቁጭት ነው፤ ቁጭቱም እውነት ነው። ነገር ግን ያ ገራፊ ካፌ ገብቶ ማኪያቶ ሊያዝ አይችልም። ጎረቤት ሊሆን፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ ልጅ ሊያሳድግ አይችልም። በአውሮራ የሆነው ደግሞ በትክክል ይህ ነው፤ ሰውየው ለዓመታት በመካከላችን ኖሯል። ስለዚህ አውሬው ከእውነቱ ይልቅ ያጽናናል፤ «እኔና ጎረቤቴ እንዲህ አይደለንም» ያሰኛልና።

አስቀድመን አንድ ድንበር እናስምር። ከፈለኝ ዓለሙ በልቡ ያመነውን እኛ አናውቅም፤ ደራሲም አያውቅም። የእርሱን ስም ይዞ ልብ መፈልሰፍ ለተጎጂዎችም ለእውነትም አይበጅም። ወዳጃችንም ከዚያ ጉዳይ የወሰደው ቦታውንና ዘመኑን ብቻ ነው፤ ገራፊውን ታምሩ ብሎ ሰይሞ ከባዶ ጀመረ። እኛም ከዚህ በታች የምናወራው ስለ ልብ ወለዱ ታምሩ ነው።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ መምህር አጥተን አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻን ያስታውሳል። ፊታውራሪ ክፉ ነኝ ብለው አያውቁም። በባላገሩ ላይ አዲስ ግብር ሲጭኑ፣ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ከጠያቂ ሁሉ ሲከለክሉ፣ በራሳቸው ዓይን የአባቶቻቸውን ሥርዓት ጠባቂ ናቸው። ያ ሥርዓት ከፈረሰ ዓለም የሚፈርስ ይመስላቸዋል። ሐዲስ ደግሞ ያንን ዓለም ከውስጥ ያውቁታል፤ የጎጃም ካህን ልጅ ናቸው። ስለዚህ ፊታውራሪን ሲስሉ ከውጭ ቆመው አልተሳደቡም፤ ሰውየውን በራሳቸው አመክንዮ እንዲሄዱ ለቀቋቸው፤ አመክንዮው ራሱ ገደል ከተታቸው። አንባቢ ይስቃል፣ ያዝናል፣ ይናደዳል፤ ግን አንድም ገጽ ላይ «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?» ብሎ አይጠይቅም። ለወዳጃችን የነገርነውም ይህንኑ ነው፦ ታምሩ ለምን እንደሚያደርግ አንባቢ ከራሱ ከታምሩ ቀድሞ ይወቀው።

እንግዲህ ታምሩን እንሥራው። የጭሰኛ ልጅ ነው። አባቱ ካመረተው ላይ ግማሹን ለባለርስት ሲሰፍር እያየ አደገ፤ በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በአንድ ባለጸጋ ቤት ተላላኪ ሆነ፤ እናቱም ተከትላ መጥታ በአንዲት የኪራይ ክፍል ጠላ እየሸጠች ትኖራለች። በዚያ ቤት ሁሉም የሚጠራው «አንተ!» እያለ ነው፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። ከዚያ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ አባቱ የሚያርሰው መሬት ባለርስት አጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ፤ የእናቱ ኪራይ ቀነሰ፤ ቀበሌ ተቋቋመ። ታምሩ የአብዮት ጥበቃ አባል ሆነ። ጠመንጃ ያዘ። ትናንት «አንተ!» ያለው ሁሉ ዛሬ «ጓድ ታምሩ» ይለዋል።

በአማርኛ ይህች የአጠራር ለውጥ ብቻዋን አንድ ምዕራፍ ታክላለች። እንዲህ ያለ የአጠራር ልዩነት በሌለው ቋንቋ የሚጽፍ ደራሲ ገጸ ባሕርዩ ክብር ማግኘቱን በብዙ ገጽ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ እኛ ግን ከ«አንተ» ወደ «ጓድ»፣ ከ«ና» ወደ «ይምጡ» በመሻገር ብቻ እናሳየዋለን። ታምሩ የሚጠብቀው አብዮቱን ነው ይላል፤ በእውነት የሚጠብቀው ግን ይህንን አጠራር ነው። ሁለቱ በልቡ ውስጥ አንድ ሆነዋል፤ አብዮቱ ከተቀለበሰ እርሱ ተመልሶ «አንተ» ነውና። ወጥ የሆነ ምክንያት የምንለው እንዲህ ያለው ነው፦ ሰውየው ያገኘው፣ ቢያጣው የሚሞትለት፣ የሚታይ ነገር። «ለሥልጣን ጥም» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም።

ፍርሃትም ያስፈልገዋል፤ ፍርሃቱም ከሜዳ የተፈለሰፈ መሆን የለበትም። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ የመኢሶኑ ዶክተር ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደሉ፤ በከተማው የቀበሌ ሹማምንት ይገደሉ ጀመር። (ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ በየስብሰባ አዳራሻችን ወንበር ያስነሣል፤ እዚህ ልንፈታው አንሞክርም።) ለልብ ወለዱ የሚያስፈልገው ታምሩ አጠገቡ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ የነበረ የቀበሌ ባልደረባው በጥይት ሲወድቅ ማየቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ወረቀት የሚበትን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሁሉ በእርሱ ዓይን ሽጉጥ የያዘ ነው። መጋቢት 1969 ላይ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ፣ ሚያዝያ ላይ ሊቀመንበሩ በአብዮት አደባባይ ደም የሞላ ጠርሙስ ሲሰብሩ፣ ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ ታምሩ ከበባ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ዜና «ልክ ነበርኩ» ይለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፤ ወዳጃችን ሁለት ወር የታገለበት ቦታ ነው። ታምሩ የሚገርፋት ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በመጀመሪያ ረቂቁ ታምሩ ተላላኪ ሆኖ ያገለገለበት የባለጸጋው ልጅ ነበረች። እኛ ይህን አስጣልነው። ለምን ቢባል፣ ያኔ ነገሩ የግል ቂም ይሆናል፤ ቂም ደግሞ ለማንም ይገባል፤ አንባቢም «በቀሉን ተወጣ» ብሎ ያልፋል። እውነተኛው ታሪክ ከዚያ የከፋ ነው። እነዚያ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ጎዳና የተሰለፉት በ1957 ዓ.ም. ነው፤ አብዮቱ ሊፈነዳ ዘጠኝ ዓመት ሲቀረው። ታምሩ ገና በሰው ቤት ሲላላክ የእርሷ ትውልድ ስለ አባቱ መሬት ዱላ ይቀምስ ነበር። ስለዚህ ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ የአባቱ ባለውለታ ናት፤ እርሱም ያውቀዋል። ታዲያ ይህችን ልጅ እንዴት አድርጎ ጠላት ያደርጋታል?

እዚህ ላይ ደራሲ መዝለል የለበትም፤ ገራፊው የሚሠራው እዚህ ነውና። ታምሩ የሚከተለው መንገድ ይኸውላችሁ። መሬቱን የሰጠን ማን ነው? አዋጁ። አዋጁን ማን አወጣ? ደርግ። እነዚህ ግን ደርግን ይወጋሉ፤ ደርግን የወጋ አዋጁን ወጋ፤ አዋጁን የወጋ ባለርስቱን መለሰ። ስለዚህ ልጅቱ «መሬት ለአራሹ» ያለችው የምር አልነበረም፤ ለእርሷ መፈክር ነው፣ ለእኔ እንጀራ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ይከተላል፤ መደምደሚያው ግን ሐሰት ነው። ሐሰቱ የገባው ደግሞ በመጨረሻው ላይ አይደለም፤ «አዋጁን ማን አወጣ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። አዋጁን የጻፈው ደርግ ቢሆንም ጥያቄውን ለአገር ያስተማሩት ተማሪዎቹ ናቸው። ታምሩ ያቺን አንዲት እውነት ካነሣ ሕንጻው ሁሉ ይወድቃል፤ ስለዚህ አያነሣትም። ጥሩ ደራሲ ያቺን ጡብ አንባቢ እንዲያያት አድርጎ ይተዋታል፤ ጣቱን አይቀስርባትም።

ከሐሳብ ወደ እጅ የሚወስደው መንገድም በደረጃ መጻፍ አለበት። ታምሩ መጀመሪያ በር ጠባቂ ነው፤ ቤተሰብ ያመጣውን ስንቅ ይቀበላል፤ ከስንቁ መሐል ወረቀት ሲያገኝ ለአለቃው ያቀብላል፤ በዚያ ወረቀት ምክንያት አንድ ልጅ ይጠራል። ቀጥሎ ገመድ ይይዛል። ወፌ ላላ የሚሉት ግርፋት እጅና እግር ታስሮ፣ በጉልበት ሥር እንጨት ገብቶ፣ ሰው ተንጠልጥሎ ውስጥ እግሩ የሚመታበት ነውና ከአንድ ሰው በላይ ይጠይቃል። ታምሩ የመጀመሪያ ቀን ያደረገው እንጨቱን መደገፍ ነው። «እኔ አልመታሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መቺው ሲደክመው ጅራፉን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ማለት ባለፈው ሳምንት የሠራሁት ወንጀል ነበር ብሎ ማመን ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከሁለተኛው ቀን ይልቅ በሃያኛው ቀን የሚጨክነው፤ እያንዳንዱ ግርፋት ለፊተኛው ምስክር ይሆንለታልና።

ቋንቋውንም ተመልከቱ። የዚያን ዘመን ሪፖርትና ራዲዮ የሰማ ሁሉ ያስታውሳል፤ ማንም ማንንም አልገደለም። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት።» ማን ወሰደ? ሰዋስው አይናገርም። አማርኛ ባለቤቱን የሚደብቅበት ይህ ተገብሮ ግስ ለገራፊ ገጸ ባሕርይ ትልቁ መሣሪያ ነው። ታምሩ ስለ እናቱ ሲያወራ «ገዛሁላት፣ ወሰድኳት፣ አበላኋት» ይላል፤ ግሱ ሁሉ የእርሱ ነው። ስለ ጓዳው ሲያወራ ግን «ተጠየቀች፣ ተመታች፣ አመነች» ይሆናል። ደራሲው አንድም ቃል ሳይፈርድ ሰዋስው ይፈርዳል። በምሳሌ እናሳያችሁ ብለን ከወዳጃችን ጋር ተቀምጠን እንዲህ ያለ አንቀጽ ሠርተናል፦

«ለእናቴ ነጠላ ገዝቼላት ነበር፤ ማታ ወሰድኩላት። እየዳበሰች ‹ልጄ፣ እጅህ ምን ሆነ?› አለችኝ። መዳፌ ተልጧል። ሥራ በዝቶ ነው አልኳት። ቀን ያቺ ተማሪ ተጠይቃ ነበር፤ ግትር ናት፣ ስም አልሰጠችም። እግሯ ስላበጠ ወደ ክፍሏ የሄደችው በክርኗ ነው። ውሃ እንዲሰጣት ያዘዝኩ እኔ ነኝ።»

ታምሩ ይህን ሲናገር ራሱን እያመሰገነ ነው፤ ውሃ አዟልና። አንባቢ ግን መዳፉ ለምን እንደተላጠ ያውቃል። በክርኗ መሄዷን የነገረን ራሱ ታምሩ ነው፤ አይቶታል፤ አልገባውም። ይህ ነው ልኩ፦ ገራፊው የሚያየው ነገር ሁሉ ለአንባቢ ይድረስ፣ የሚሰጠው ትርጉም ግን የእርሱ ብቻ ይሁን። ዓይኑን ከጨፈንበት አንባቢም ይታወራል፤ ያኔ መጽሐፉ የገራፊው ጠበቃ ሆኖ ያርፈዋል።

ስለ አሳዛኝ ልጅነት ደግሞ አንድ ነገር። ይህ በዘመናችን ፊልምና ልብ ወለድ የተለመደ መድኃኒት ሆኗል፤ ክፉው ሰው ስድሳኛው ገጽ ላይ አባቱ ሲገርፈው ይታየንና «አሃ!» እንላለን። የታምሩ አባት ጭሰኛ መሆኑ ታምሩን ያስረዳል፤ ነገር ግን በዚያ አገር የጭሰኛ ልጅ በሚሊዮን ነበር፤ ሚሊዮኑ ሁሉ ገራፊ አልሆነም። ደራሲው ይህን ካላሳየ ድህነትን ራሱን ወንጀለኛ ያደርጋል፤ ድሃውንም ይሳደባል። ወዳጃችን መፍትሔ ያገኘው ሌላ ጠባቂ በመጨመር ነው። ስሙን በላይ ብሎታል። የዚያው አገር ልጅ፣ የዚያው ጭሰኝነት ልጅ፣ ያው ጠመንጃ፣ ያው «ጓድ»። በላይ ጀግና አይደለም፤ እስረኛ አያስመልጥም፤ ንግግር አያደርግም። ገመድ ያዝ ሲሉት «ሆዴን አሞኛል» ይላል። በማግሥቱም ያመዋል። በመጨረሻ ወደ በር ጥበቃ ይመልሱታል፤ አለቃው ይስቅበታል። ይኸው ነው። ይህች «ሆዴን አሞኛል» ለታምሩ በር ክፍት እንደነበር ታሳያለች፤ ዋጋውም ጥቂት መሳለቂያ ነበር። በአንዳንድ ቀበሌ ዋጋው ሕይወት ሊሆን ይችል ነበር፤ ደራሲው በመረጠው ቀበሌ ግን ይህን ያህል ነበር፤ ታምሩም ያውቀዋል፤ በላይን አብዝቶ የሚንቀውም ለዚህ ነው።

ገራፊ ራሱን እንዴት እንደሚተርክ ለማጥናት ለሚፈልግ የተጻፈ ሞልቷል። መንግሥቱ ኃይለማርያም «ትግላችን»ን በ2004 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ያነበበ ሰው የሚያገኘው አገሩን ከወራሪና ከገንጣይ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ለታሪክ ምንጭነቱ ይከራከሩበት፤ ለደራሲ ግን «እኔ» የሚለው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚጠፋ እየቆጠሩ ማንበብ ትምህርት ነው። በሔግ ደግሞ በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ በ2017 እ.ኤ.አ. የዕድሜ ልክ እስራት ሲፈረድበት፣ ሥርዓቱ ስላደረሰው ግፍ ይቅርታ ጠይቆ፣ በተከሰሰበት ድርጊት ግን እጄ የለበትም ብሎ ተከራክሯል። በጅምላ ማዘን፣ በተናጠል መካድ፤ ይህን የመሰለ የንግግር ቅርጽ ማንም ደራሲ ከራሱ አይፈለስፈውም።

ታምሩ በስደት ምን ይሆናል? እዚህ ላይ የዴንቨሩ ጉዳይ ለደራሲ አንድ የማይጠበቅ ነገር ይሰጣል። በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንደተገለጸው ሰውየው በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የገባው ኬንያ ከነበረበት ስደት፣ የሌላ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ስም ይዞ፣ የዚያን ሰው ልጆች እንደ አባት ሆኖ አስከትሎ ነው። በይግባኙም ላይ «ስሙን የወሰድኩት በልጆቹ ፈቃድ ነው» የሚል ክርክር ቀርቦ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ቢኖርም ስርቆቱን ሕጋዊ አያደርገውም ብሎ ፍርዱን አጸና። እስቲ ይህን ከሕግ አውጥታችሁ በልብ ወለድ ሰው ዓይን እዩት። ለታምሩ ያ ጉዞ ምንድን ነው? ሸሽቶ ማምለጥ ነው ቢባል እውነት ነው። ልጆችን ከስደተኛ መጠለያ አውጥቶ አሜሪካ አደረሰ ቢባልም ውሸት አይደለም። አንድ ድርጊት ነው፤ ሁለት ስም አለው፤ ታምሩ ሁለተኛውን ስም ይዞ ያድራል።

ብዙ ደራሲ እዚህ ይሳሳታል። ወይ ልጆቹን መጋረጃ ብቻ ያደርጋቸዋል፤ ታምሩ በልቡ ምንም አይወዳቸውም ይላል፤ አውሬው በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ወይ ደግሞ ልጆቹን ቤዛ ያደርጋቸዋል፤ ታምሩ ጠዋት ቁርስ ሲሠራ አንባቢ እንባ ያቀራል፤ ከፍተኛ 15 ይረሳል። ለወዳጃችን ያልነው፣ ታምሩ ልጆቹን ይውደዳቸው፤ የምር ይውደዳቸው፤ ፍቅሩ ግን ምንም አያጥፋ። ቁርስ ይሥራ፤ ትንሹ ልጅ ቆሞ መራመድ እንዳቃተው ሰው በክርኑ እየዳኸ ሲጫወት ታምሩ «ተነሥ!» ብሎ ይጩህ፤ ለምን እንደጮኸ ራሱም አይናገር። ታሪኩ የሚያፈስበት ቀዳዳ እንዲህ ያለ ትንሽ ነው። ፍጹም ቀዳዳ የሌለው «ጀግና ነኝ» ባይ እብድ ነው፤ ጤነኛው ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ለእናቱ የማይነግረው፣ በስካር የማያወራው፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይልበት አለው።

ረቂቁን ያነበበች ሌላ ሰው አለች። በዚያን ዘመን የታሰረች፣ ዛሬ በአውሮራ የምትኖር እናት ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። እንድታነብልን ስንለምናት የመለሰችልንን እንጻፍ፦ «እናቱን ይወድ እንደነበር አውቃለሁ፤ ምሳ ስታመጣለት አይቻለሁ። ታዲያ እኔን ምን ያድርገኝ ብላችሁ ነው?» ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። ነገር ግን ረቂቁን ወሰደች፤ በሦስት ሳምንት መለሰች። ታምሩን አላስቀየረችም። ያስቆጣት ሌላ ነገር ነው፤ ልጅቱ በመጽሐፉ ውስጥ ስም አልነበራትም፤ «ያቺ ተማሪ» ብቻ ነበረች። «እርሱ ስሜን ባያውቅ ደራሲው አያውቅም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ልክ ነበረች። ታምሩ ስሟን ላይጠራ ይችላል፤ መጽሐፉ ግን የታምሩ ብቻ መሆን የለበትም። ወዳጃችን ከዚያ በኋላ አራት ምዕራፎች ከእስረኞቹ ክፍል ጽፏል፤ በዚያ ስለ ታምሩ የሚወራው በጣም ጥቂት ነው፤ ቅጽል ስም አውጥተውለታል፤ ከዚያ ይልቅ ስለ ሳሙና፣ ስለ ወር አበባ ጨርቅ፣ ስለ ማን ከማን ጋር ተጣላ ይወራል። ታምሩ ዓለሙን ሁሉ የሞላ ይመስለዋል፤ ከግድግዳው ወዲያ ግን ሴቶቹ እርሱን የሚያስቡት ኮቴውን ሲሰሙ ብቻ ነው።

እትዬ በረቂቁ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያረመችው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ከላይ እንዳሳየነው ባለ ቦታ ላይ «ተመታች» የሚለውን ሰርዛ «መታኋት» ብላ ጽፋበታለች። ወዳጃችን ተከራከረ፤ ታምሩ እንዲህ ሊል አይችልም፣ ይህን ካለ ታምሩ መሆኑ ይቀራል አለ። እርሷም «እንግዲያው ሌላ ሰው ይበለው፤ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው ግን ይበለው» አለች። ሁለት ሳምንት አሰበበት። አሁን ባለው ረቂቅ ታምሩ «ተመታች» ማለቱን አልተወም። በር ላይ ተቀምጦ ስንቅ የሚቀበለው በላይ ግን፣ የልጅቱ እናት አገልግሉን ይዛ መጥታ «ልጄ ምን ሆነች?» ስትለው፣ ወዲያና ወዲህ ተመልክቶ «ታምሩ መታት» ይላል።